የእስክስታው ትከሻ የት ይቆረጣል?

ሠዓሊው፦ የሳልኩልሽን ሴትዮ ኮምፒውተርሽ ላይ አየኋት። ጭንቅላቷ ለብቻ፣ አንገቷ ለብቻ፣ አንዱ ክንዷ ብቻ ሦስት ቦታ ተቆርጦ፤ ሉካንዳ ቤት የተሰቀለች አስመሰልሻት። ሙሉ አድርጌ የሰጠሁሽን ምን ብለሽ በታተንሻት?

አኒሜተሯ፦ የባንኩን ማስታወቂያ ስክሪፕት አንብቤ ነዋ፣ ጋሼ። ሴትዮዋ ሰንጋ ተራ ካለው ኮንዶሚኒየም ትወጣለች፣ በባንኮቹ ፎቆች ሥር ትሄዳለች፣ ስልኳን አንስታ ታያለች፣ ያጠራቀመችው ብር ሞልቶ ስታገኘው እስክስታ ትመታለች። አርባ ሰከንድ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሰላ አንድ ሺህ ፍሬም ይሆናል። እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ፍሬም ብናቆየው እንኳ አምስት መቶ ሥዕል ያስፈልጋል። ቆርጬ መልሼ ከገጠምኳት ግን ሥዕሉ አንዴ ይሳላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀየረው የእያንዳንዱ ቁራጭ ማዕዘንና ቦታ ብቻ ነው።

ሠዓሊው፦ አምስት መቶ ያልሽው ማስፈራሪያ ነው። ቆማ ስልክ የምታይበት አለ፣ ካሜራው ፎቁን ብቻ የሚያሳይበት አለ። ግን እሱን እናቆየው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ቁራጭ በቁራጭ አይንቀሳቀስም። እጁን ሲያነሳ ትከሻው ይነሳል፣ ልብሱ ይሳባል፣ ወገቡ ትንሽ ይዘማል። አንቺ የምትሠሪው ግን በብሎን የተያያዘ እንጨት ነው።

አኒሜተሯ፦ ብሎኑ የት እንደገባ ነው ነገሩ። ጀማሪ ሲቆርጥ የሰውነት ክፍሎችን ስም ተከትሎ ይቆርጣል፤ ክንድ፣ እጅ፣ ጭን፣ ባት እያለ። እኔ መጀመሪያ ስቶሪቦርዱን ይዤ፣ እያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ምን እንደሚታጠፍ እጽፋለሁ። የዚህች ሴትዮ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጉልበቷ የትም ቦታ አይታይም። ስለዚህ ጭንና ባት አልቆረጥኩላትም፤ ሁለት እግር ከቀሚሱ ጫፍ ሥር ብቅ ጥልቅ ይላሉ፣ ቀሚሱ ራሱ ከወገብ እስከ ጫፉ በሦስት አጥንት እንዲለመጥ አደረግኩት። ዳሌዋ በየእርምጃው ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል፣ የቀሚሱ ጫፍ ደግሞ ሁለት ሦስት ፍሬም ዘግይቶ ሲከተላት መራመዷ ይታመናል።

ሠዓሊው፦ የማይታየውን አለመቁረጥ ብልህነት ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። የሚታየው ላይ እንምጣ። ክርኗን አጥፌ አይቼዋለሁ። ውጭው ላይ እንደ ጉብታ ያለ ነገር ወጣ፣ ውስጡ ላይ ደግሞ የእኔ ጥቁር መስመር ክንዷን መሀል ለመሀል አቋርጦ አለፈ። ይህን የሳልኩት እኔ አይደለሁም።

አኒሜተሯ፦ ያ ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤ አንድ ላይ ሲመጡ አንድ ይመስላሉ። ጉብታው የፒቮት ችግር ነው። የላይኛው ክንድ ታችኛ ጫፍና የታችኛው ክንድ ላይኛ ጫፍ ሁለቱም በክብ ማለቅ አለባቸው፤ ክቦቹም እኩል ሆነው አንዱ በአንዱ ላይ ልክ ይተኛሉ። ስፋታቸው ክርኑ ላይ ካለው የክንድ ውፍረት ጋር አንድ ነው። ፒቮቱ የክቡ ትክክለኛ መሀል ላይ ከተቀመጠ ክንዱን የፈለጉትን ያህል ቢያዞሩት ክቡ በክቡ ላይ ስለሚሽከረከር ምንም አይወጣም።

ሠዓሊው፦ ትንሽ ቢስትስ?

አኒሜተሯ፦ ቀጥ ብላ ስትቆም ምንም አይታይም፤ አታላይነቱ እዚያ ላይ ነው። ፒቮቱ ከመሀሉ በ10 ፒክስል ቢስት፣ ክንዱ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ክቡ ከነበረበት 14 ፒክስል ያህል ይሸሻል። 120 ዲግሪ ሲታጠፍ 17 ይደርሳል። ቅድም ያዩት ጉብታ እሱ ነው፤ በሌላው በኩል ደግሞ በዚያው ልክ ጎድጉዷል። ለዚህ ነው ፒቮት አስቀምጬ ስጨርስ ማንኛውንም መገጣጠሚያ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጥፌ የማየው። ስልክ ወደ ጆሮ ማስጠጋት ክርንን ከሁሉ በላይ የሚያጥፍ ነገር ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ካለፈ ሌላው ሁሉ ያልፋል።

ሠዓሊው፦ መስመሩስ?

አኒሜተሯ፦ መስመሩ የሌየር ችግር ነው። እርስዎ ሲስሉ የዙሪያውን መስመርና የውስጡን ቀለም አንድ አድርገው ነው። ቁራጮቹ ሲደራረቡ የላይኛው ቁራጭ መስመር የታችኛውን ቀለም ያቋርጣል። መፍትሔው መስመሩንና ቀለሙን መለየት ነው። የሁለቱም ክንድ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፣ የሁለቱም ቀለም ከላይ ይተኛል። ያኔ ክርኑ ላይ ቀለም ከቀለም ጋር ይገናኛል፣ መስመሩ ደግሞ በውጭ በኩል ብቻ ይቀራል። የመስመሩን ግማሽ ቀለሙ ስለሚሸፍነው ግን ሲሳል እጥፍ ወፍሮ መሳል አለበት፤ አለበለዚያ ፊቷ ወፍራም መስመር፣ ክንዷ ቀጭን መስመር ይኖረዋል።

ሠዓሊው፦ እንግዲህ የእኔን መስመር ለሪጉ ስትይ መቀየር ሊኖርብኝ ነው። የድሮዎቹ እንዲህ አልተቸገሩም። ሎተ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 «ልዑል አሕመድ»ን በሠራችበት ጊዜ ካርቶንና ስስ የእርሳስ ብረት በመቀስ ቆርጣ በሽቦ ነው ያያያዘችው፤ ያ ፊልም እስከ ዛሬ ያምራል።

አኒሜተሯ፦ እሷ ያልተቸገረችው ጥላ ስለሠራች ነው። ጥቁር በጥቁር ላይ ሲደረብ መገጣጠሚያው የት እንዳለ ማንም አያይም። ቀለምና መስመር በገባ ጊዜ ነው መገጣጠሚያው የሚጋለጠው። ቢሆንም ጠቃሚ ነገር አስተምራናለች፤ ለቅርብ ምስል ስትፈልግ ያንኑ አሻንጉሊት አላስጠጋችም፣ ተለቅ ያለ ሌላ ቆረጠች። አንድ ሪግ ሁሉንም ትዕይንት ይሸከማል ብሎ ማሰብ ያኔም አልነበረም።

ሠዓሊው፦ ይህን ያልሽውን ያዥልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ነጠላውን አስረጂኝ። እኔ ነጠላ ስስል አንድ ጨርቅ ነው የምስለው። ከኋላ ይመጣል፣ ሁለቱን ትከሻ ይሸፍናል፣ አንዱ ጫፍ በደረት በኩል ዞሮ ግራ ትከሻ ላይ ይጣላል። አንቺ ግን አራት ቦታ በጣጥሰሽዋል።

አኒሜተሯ፦ ስልክ የምታነሳበትን ትዕይንት ያስቡት። ቀኝ እጇ ከነጠላው ሥር ይወጣል። የላይኛው ክንድ ነጠላው ሥር ነው፤ የታችኛው ክንድና እጇ ነጠላው ላይ ናቸው። ነጠላውን አንድ ሌየር አድርጌ ከሁሉ በላይ ባስቀምጠው እጇ ጨርቅ ውስጥ ይቀበራል። ከክንዱ ሥር ባደርገው ደግሞ ክንዷ ከትከሻዋ ጀምሮ ጨርቁ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ብቆጥርልዎ፣ የኋላው ነጠላ፣ ሰውነት፣ የላይኛው ቀኝ ክንድ፣ የፊተኛው ነጠላ፣ ከዚያ የታችኛው ክንድና እጅ ይሆናል።

ሠዓሊው፦ ታዲያ ክንዱ ለሁለት ተከፍሎ መሀሉ ጨርቅ ከገባበት እንዴት አብሮ ይንቀሳቀሳል?

አኒሜተሯ፦ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ስላሉ ነው። አንዱ ማን ማንን ይከተላል የሚለው ነው፤ እጅ የታችኛውን ክንድ፣ የታችኛው ክንድ የላይኛውን፣ የላይኛው ትከሻን። ሌላው ማን ከማን በላይ ይሳላል የሚለው ነው። ሁለቱ መመሳሰል የለባቸውም። የታችኛው ክንድ ለላይኛው ይታዘዛል፣ ግን ከነጠላው በላይ ይሳላል። ብዙ ሰው ሪጉ የሚበላሽበት ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያያቸው ነው። ነጠላውም ቢሆን አንድ አለቃ የለውም፤ ደረት ላይ ያለው ደረትን ይከተላል፣ ትከሻ ላይ ያለው ትከሻን፣ ወደ ኋላ የተጣለው ጫፍ ደግሞ የትከሻውን ቁራጭ፣ ያውም ትንሽ ዘግይቶ።

ሠዓሊው፦ ስልኩን አይታ እጇን መልሳ ነጠላው ውስጥ ስታስገባስ? ያኔ የታችኛው ክንድ ከነጠላው ሥር መግባት አለበት።

አኒሜተሯ፦ ትክክል። መሀል ላይ ቅደም ተከተሉ መቀየር አለበት። የሚቀየረው እጇ ከነጠላው ጋር ምንም በማይደራረብበት ፍሬም ላይ ነው፤ ወደ ውጭ ዘርጋ አድርጋ የምታልፍበት አንድ ቅጽበት እፈልጋለሁ። እዚያ ላይ ብቀይረው ማንም አያውቅም። እጇ ነጠላው ላይ እያለ ብቀይረው ግን በአንድ ፍሬም ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ተመልካቹ ምን እንዳየ ባይገባውም የሆነ ነገር እንደተበላሸ ይሰማዋል።

ሠዓሊው፦ ያች ቅጽበት ካልኖረች?

አኒሜተሯ፦ እጇ ትንሽ ወጣ ብሎ እንዲያልፍ እንቅስቃሴውን እቀይረዋለሁ።

ሠዓሊው፦ ይኸውልሽ፤ እዚህ ላይ ነው የምይዝሽ። ሴትዮዋ እጇን ወደ ውጭ የዘረጋችው ስለፈለገች አይደለም፤ ሌየርሽ እንዲቀየር ነው። አሁን እስክስታው ጋ ስንደርስ ምን ልታደርጊ ነው? እስክስታ እኮ ትከሻ ነው። ክንድሽን እንዳየሁት ፒቮቱ ትከሻው ላይ ተቸንክሯል። ክንዱ ይሽከረከራል እንጂ ትከሻው ከቦታው አይነቃነቅም። የምታስመቺያት እስክስታ ሳይሆን የትራፊክ ፖሊስ ምልክት ነው።

አኒሜተሯ፦ ከውጭ የሚገዙት ሪጎች ላይ ያሉት እውነት ነው። ቲሸርትና ሱሪ ለለበሰ፣ እጁን እያወዛወዘ ለሚሄድና ለሚያወራ ሰው ነው የተሠሩት፤ ደረቱ አንድ ግትር ቁራጭ ነው፣ ክንዱ ጠርዙ ላይ ተሰክቷል። እኔ ከአንገቷ ሥር እስከ ትከሻዋ ጫፍ አንድ የማይታይ አጥንት ጨምሬያለሁ። ፒቮቱ አንገት ሥር ነው። ክንዱ የተያያዘው ከደረቱ ጋር አይደለም፣ ከዚህ አጥንት ጫፍ ጋር ነው። አጥንቱ 100 ፒክስል ቢሆንና በ14 ዲግሪ ወደ ላይ ቢዞር ትከሻዋ 24 ፒክስል ከፍ ይላል። ይህ በስክሪኑ ላይ በደንብ የሚታይ መነቃነቅ ነው።

ሠዓሊው፦ አጥንቱ ሲዞር ክንዱም አብሮ አይዞርም?

አኒሜተሯ፦ ይዞራል፤ ካልከለከሉት ትከሻዋ በተነሳ ቁጥር ክንዷ እንደ ክንፍ ይከፈታል። ስለዚህ ክንዱ ከአጥንቱ ቦታውን ብቻ እንጂ ማዕዘኑን እንዳይወርስ አድርጌዋለሁ። እስክስታዋን ደግሞ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የምትመታው። እጇ እዚያው መቆየት አለበት፤ ትከሻዋ በተነቃነቀ ቁጥር እጇ ወገቧ ላይ ከተንሸራተተ አለቀ። ስለዚህ እዚያ ትዕይንት ላይ አሠራሩን እገለብጠዋለሁ፤ እጇን ወገቧ ላይ እተክለውና ክርኗ የት መሆን እንዳለበት ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል። ክርኗ ሁልጊዜ ታጥፎ ስለሚቆይ ደግሞ ክንዱ ድንገት ተወጥሮ ቀጥ የማለት አደጋ የለበትም።

ሠዓሊው፦ አንገቷስ?

አኒሜተሯ፦ አንገቷ ለብቻው ነው፤ ፒቮቱ ታች፣ የአንገት ሥር ጉድጓድ ላይ። የጭንቅላቷ ፒቮት ደግሞ አገጯ ላይ ሳይሆን ከጆሮዋ ሥር ነው። አገጭ ላይ ከሆነ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ አናቷ ብቻ ይወዛወዛል። ትከሻው ከፍ ሲል ከአንገቱ ጎን ክፍተት እንዳይታይ ከሥሩ በቀሚሱ ቀለም አንድ ቁራጭ ደብቄበታለሁ።

ሠዓሊው፦ ጥሩ፤ ወደ ላይና ወደ ታች አስነሳሻት። እስክስታ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላም ነው። ደረቷ ብቅ ይላል፣ አንዱ ትከሻ ወደ አንቺ ይመጣል፣ ሌላው ይሸሻል። ወረቀትሽ ጥልቀት የለውም። ፊት ለፊት የቆመች ሴት ትከሻዋን ወደ ተመልካቹ ስትልከው የት ታመጪዋለሽ?

አኒሜተሯ፦ ፊት ለፊት ከሆነች በትክክል አላመጣውም። አጥንቱን ማሳጠርና ትከሻውን በጥቂቱ ማስፋት ይቻላል፤ ግን ጨርቁ የሚለጠጥ ጎማ ይመስላል። ስለዚህ መልሴ ቁርጡ ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ ነው። እስክስታው ላይ ሦስት አራተኛ ዞራ ትቁም። ግማሽ ጎን ስትሆን ወደ ፊት የሚሄደው ትከሻ ስክሪኑ ላይ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ወደ ጎን መሄድ ደግሞ ሪግ የሚችለው ነገር ነው። ሩቁ ትከሻ ከደረቷ ኋላ በሌላ ሌየር ስለሚሆን ሲሸሽ በደረቷ ይሸፈናል፣ ሲመጣ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ጥልቀት ያለ ይመስላል።

ሠዓሊው፦ ለዚህ ደግሞ ሌላ ሪግ ያስፈልግሻል፤ የፊት ለፊቷን አዙረሽ ሦስት አራተኛ አታደርጊያትም።

አኒሜተሯ፦ አዎ፤ ሁለት ሪግ ነው። ራይኒገር ሁለተኛ እንደቆረጠችው።

ሠዓሊው፦ ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩሽ ይህን ነው። አሁን ሒሳቡን በእኔ በኩል ልሥራው። እስክስታው ስድስት ሰከንድ ነው፤ 150 ፍሬም። ግን እስክስታ የሚደጋገም ነገር ነው። ትከሻዋ በሰከንድ አራት ጊዜ ቢነቃነቅ አንዱ ዙር ስድስት ፍሬም ያህል ይወስዳል፤ ሦስቱ ሲወጣ፣ ሦስቱ ሲወርድ። ስድስት ሥዕል ስዬ ላዙረው። መሰልቸት እንዳይኖር ሁለተኛ ዙር ልጨምርበት፤ አሥራ ሁለት ሥዕል ሆነ። ለአሥራ ሁለት ሥዕል ብለሽ ነው ሁለተኛ ሪግ የምትሠሪው? በዚያ ላይ በእኔ ሥዕል ደረቷም፣ ጨርቁም፣ ጥልቀቱም ሁሉም በአንድ እጅ አብሮ ይመጣል።

አኒሜተሯ፦ ይህ ከተናገሩት ሁሉ የሚከብደኝ ነው። አሥራ ሁለት ሥዕል ከሪግ ይፈጥናል፤ አልክድም። ግን የቀሚሷን ጥለት ያስቡት። ከአንገቷ እስከ እግሯ በፊት ለፊት የሚወርድ፣ መስቀልና አልማዝ የተጠለፈበት ጥለት አለ፤ ነጠላዋ ጠርዝም ላይ አለ። ያንን አሥራ ሁለት ጊዜ በእጅዎ ሲስሉት አንዱ አልማዝ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው በጥቂት ፒክስል ይዘላል። በዚያ ፍጥነት ሲታይ ጥለቱ ይፈላል። ተመልካቹ ትከሻዋን ትቶ ጥለቱን ያያል። በሪግ ግን ጥለቱ አንዴ የተሳለ ስለሆነ ከጨርቁ ጋር እንደተጠለፈ ይቆያል። ባንኩ የጥለቱ ቀለም የእኛ አርማ ቀለም ይሁን ቢል ደግሞ እኔ አንድ ቦታ ነው የምቀይረው።

ሠዓሊው፦ እንደተጠለፈ አይደለም የሚቆየው፤ እንደተለጠፈ ነው። እውነተኛ ጥለት ደረት ብቅ ሲል ይታጠፋል፣ አንዱ አልማዝ እጥፉ ውስጥ ይገባል። የአንቺ ጥለት አይታጠፍም።

አኒሜተሯ፦ ሙሉውን አንድ ቁራጭ ካደረግኩት አይታጠፍም። ወገቧ ላይ፣ መቀነቱ ያለበት ቦታ ላይ እቆርጠዋለሁ። መቀነቱ መገጣጠሚያውን ይሸፍንልኛል፤ ከላይ ያለው ጥለት ደረትን ይከተላል፣ ከታች ያለው ቀሚሱን። አገራዊው ልብስ ራሱ የት እንደምቆርጥ ይነግረኛል። የእጅጌው ጠርዝ የእጅ አንጓን ይደብቃል፣ መቀነቱ ወገብን፣ ነጠላው ትከሻን። ለዚህ ነው ከውጭ በተገዛ ሪግ ላይ ነጠላ ሲያለብሱት የሚያስጠላው፤ መገጣጠሚያዎቹ ልብሱ በማይሸፍንበት ቦታ ናቸው።

ሠዓሊው፦ ነገሩ ገባኝ። ሆኖም ስለ ሕይወቱ አልመለስሽልኝም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አስቢ። ቀጭኔዋ መጀመሪያ ስትመጣ የእጅ አሻንጉሊት ነበረች። መገጣጠሚያዋ አንድ ነው፣ የያዛት ሰው የእጅ አንጓ። ግን የያዛት እጅ ስለሚያስብ እሷም የምታስብ ትመስላለች። የአንቺዋ ብዙ መገጣጠሚያ አላት፤ ስትነቃነቅ ግን ውኃ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለስላሳ ሆና ትንሳፈፋለች። እስክስታ ግን ይመታል፤ የምንለውም እስክስታ መምታት ነው።

አኒሜተሯ፦ መንሳፈፉ የቁርጡ ጥፋት አይደለም፤ በሁለት ኪፍሬም መካከል ያለውን ኮምፒውተሩ በራሱ ሲሞላው የሚመጣ ነው። ትከሻው ሲነሳ መሀል ያለውን ፍሬም እኔ አስቀምጠዋለሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሳይሆን ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠግቶ። በመጀመሪያው ፍሬም አብዛኛውን መንገድ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ይደርሳል፣ በሦስተኛው ትንሽ ይቆማል። ያኔ ይመታል። እንዲያውም በዚህ በኩል የእርስዎን መንገድ እጠረጥረዋለሁ። አንድ ሥዕል ሁለት ፍሬም ከቆየ ለአንድ ዙር ሦስት ሥዕል ብቻ ይደርሰዋል፤ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ እንጂ የሚመታ አይሆንም። በእያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ሥዕል ሊስሉ ይገባል።

ሠዓሊው፦ ስድስት ያልኩት እኮ በእያንዳንዱ ፍሬም አስቤ ነው። ደግሞም ያንን ማስጠጋት፣ ያንን መቆም አንቺ ከየት አወቅሽው? ከእጅሽ ነው፣ ከሪጉ አይደለም። አሻንጉሊቱን ትቶ በካርቱን የመጣውን «ጥበብ ገርልስ»ንም ብታነሽልኝ መልሴ ያው ነው፤ ሪግ ያላት ገጸ ባሕርይ ሕይወት የምታገኘው ባለሙያው ከሪጉ ጋር ሲጣላ ነው።

አኒሜተሯ፦ እስማማለሁ። ግን የማይጣሉት ሪግ የለም፤ የማይጣሉት ወረቀትም የለም። የእኔ ጥያቄ ጠቡ የት ይሁን የሚለው ነው። ለዚህ ነው ለእስክስታው ሪግ አንድም የእርስዎን ሥዕል ከመቁረጤ በፊት ግራጫ ሳጥንና ክብ ብቻ ይዤ እስክስታውን የምሞክረው። ደረቷ አንድ ሳጥን፣ ትከሻዋ ሁለት አጫጭር እንጨት፣ ጭንቅላቷ አንድ ክብ። ፊት የለም፣ ጥለት የለም። በዚያ እስክስታ ካልመሰለ ቀለም ቢቀቡት አይመስልም። ከመሰለ ግን መገጣጠሚያው ትክክል ቦታ ላይ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ነው የእርስዎን ሥዕል የምቆርጠው።

ሠዓሊው፦ መምሰሉን ማን ይፈርዳል? አንቺ የሠራሽው ስለሆነ ይመስልሻል። እኔ ደግሞ ሳጥን ስለሆነ አይመስለኝም።

አኒሜተሯ፦ እስክስታ የሚያውቅ ተወዛዋዥ ይፍረድ። ምን እንደሆነ ሳልነግረው ሳጥኑን አሳየዋለሁ። የጎንደር ነው ወይም የጎጃም ነው ካለኝ አለፈ። የሚንቀጠቀጥ ሳጥን ነው ካለኝ ትከሻዎቹን መልሼ ነው የምተክለው።

ሠዓሊው፦ እሺ፣ አለፈ እንበል። ሪግሽ እስክስታ ይመታል። ባንኩ ደስ ብሎት ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ያችኑ ሴትዮ ጉራጊኛ አስጨፍሪልን ቢልሽስ? ጉራጊኛ እግር ነው፤ ጉልበት እየተነሳ፣ ሰውነት እየዘለለ። አንቺ ደግሞ ጉልበቷ አይታይም ብለሽ እግሯን አልቆረጥሽም። ያልቆረጥሽው መገጣጠሚያ ያልፈቀድሽው እንቅስቃሴ ነው። የእኔ እርሳስ ግን አስቀድሞ የከለከለው ነገር የለም።

አኒሜተሯ፦ ያኔ ለዚያ ስክሪፕት እግሯን እቆርጣለሁ፣ ቀሚሷንም ጉልበቷ ላይ እከፍለዋለሁ። ላልተጠየቀ ጭፈራ ዛሬ ጉልበት ብቆርጥላት ለሚታጠፍም ለማይታጠፍም መገጣጠሚያ ፒቮት ስፈትሽ ነው የምውለው። ፊቷ፣ ክንዷ፣ ነጠላዋ፣ ጥለቷ ግን እንዳሉ ይጠብቁኛል፤ የእርስዎ አሥራ ሁለት ሥዕሎች ለጉራጊኛው አንዳቸውም አይጠቅሙም።

ሠዓሊው፦ አይጠቅሙም፤ ግን ማንም ይጠቅማሉ ብሎ አልሸጣቸውም። አንቺ ግን ለባንኩ «አንዴ ከተሠራች ሁልጊዜ ትሠራለች» ብለሽ ነው ዋጋ የነገርሽው።

አኒሜተሯ፦ እሱን አስተካክላለሁ። የምጽፍላቸው «ይህች ሴትዮ ትሄዳለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ እስክስታ ትመታለች፤ ከዚህ ውጭ ለምትጠይቁት እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አዲስ ቁርጥና አዲስ ዋጋ አለው» የሚል ነው። እርስዎም በበኩልዎ ሌላ ዋጋ ይጻፉ፤ እስክስታውን በአሥራ ሁለት ሥዕል፣ ጥለቱ ሳይፈላ። ሁለቱን ጎን ለጎን እናቅርብላቸው።

ሠዓሊው፦ ጥለቱ ሳይፈላ ካልሽማ፣ ከአሥራ ሁለቱ ሥዕል ጥለቱን ለብቻው አንዴ ስዬ ላንቺ ሰጥቼሽ አንቺ ብትገጥሚው ነው የሚያዋጣኝ።

አኒሜተሯ፦ ያ እኮ መቁረጥ ነው፣ ጋሼ።

ሠዓሊው፦ ነው። ግን የት እንደሚቆረጥ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ከሳልኩ በኋላ እንጂ ከመሳሌ በፊት አይደለም። ክርክራችን ከመጀመሪያውም መቁረጥ አለመቁረጥ ላይ አልነበረም፤ ማን ይቀድማል የሚለው ላይ ነው፤ ቁርጡ ወይስ እንቅስቃሴው።

አኒሜተሯ፦ እኔ ደግሞ እላለሁ፣ እንቅስቃሴውን በሳጥን ሞክሬ ካየሁት በኋላ የቆረጥኩት ከሆነ የቀደመው እንቅስቃሴው ነው።

ሠዓሊው፦ በሳጥን ያየሽው እንቅስቃሴ ሳጥን የሚችለውን ያህል ነው።

አኒሜተሯ፦ በእርሳስ ያዩትም እጅዎ የለመደውን ያህል ነው።